የፖለቲካ ስላቅ ግጥም ማንን ነው የሚወጋው? በምንስ? ዒላማውንና ዘዴውን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

የስላቅ ግጥም አንብበው «ሥርዓቱን ይተቻል» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ይኼ መልስ ለማንኛውም የፖለቲካ ግጥም ይሠራል፤ ስለተነበበው ግጥም ግን የነገረን ነገር የለም። ሌሎች ደግሞ የግጥሙን የላይ ቃል እንዳለ ይወስዱና፣ ገጣሚው የሚያሾፍበትን ሐሳብ የገጣሚው አቋም ያደርጉታል። ሦስተኛው ስህተት የእኛው ነው። በቅኔ ያደገ አንባቢ ስላቅ ሲባል ወዲያው ህብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ ፍለጋ ይገባል። ህብረ ቃል የሌለው ግጥም ሲገጥመው ወይ ይፈጥርለታል፣ ወይ «ይኼ ግጥም አይደለም» ብሎ ይተወዋል።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በአንድ ግጥም ላይ እንሠራቸዋለን። ግጥሙ የጀርመናዊው በርቶልት ብሬክት ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን የተጻፈ። ርዕሱ «መፍትሔው» ይባላል። ዐሥር ስንኝ ብቻ ነው፤ ቤት አይመታም፤ አንድም ህብረ ቃል የለውም። ለዚህ ሥራ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው፤ የምንደበቅበት ጥግ አይሰጠንም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀትና ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው እስክርቢቶ ያዙ። አንዱ ቀለም ግጥሙ ለሚናገረው፣ ሌላው እናንተ ለምታስቡት ነው። ሁለቱን አታደባልቁ። አብዛኛው የትንተና ስህተት የሚመጣው «ግጥሙ እንዲህ አለ» እና «እኔ እንዲህ መሰለኝ» አንድ ላይ ሲጻፉ ነው።

ስለ ገጣሚው የሕይወት ታሪክ አሁን አታንብቡ። ቆይቶ ይመጣል። ቀድማችሁ ካነበባችሁ ግጥሙ የማይለውን ነገር ታስብሉታላችሁ።

## ደረጃ 1፦ ግጥሙን በተራ ወግ ገልብጡት

ግጥሙን ዝጉና የገባችሁን በዝርው ጻፉ። ማን ምን አደረገ? ምን ተባለ? ምን ተጠየቀ? ቅጽል አትጨምሩ፤ «በምጸት» የሚለውን ቃልም አትጠቀሙ።

የብሬክት ግጥም እንዲህ ይሆናል (ቃል በቃል ትርጉም አይደለም፣ ፍሬ ነገሩ ነው)፦

ከጁን 17ቱ አመፅ በኋላ የደራሲያን ማኅበሩ ጸሐፊ በስታሊን ጎዳና ወረቀት አስበተነ። ወረቀቱ፣ ሕዝቡ የመንግሥትን አመኔታ በራሱ ጥፋት እንዳጣ፣ መልሶ የሚያገኘውም እጥፍ በመሥራት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። እንዲያ ከሆነማ፣ መንግሥት ሕዝቡን በትኖ ሌላ ሕዝብ ቢመርጥ አይቀልም ወይ?

በቃ። እዚህ ላይ ማንም አልተሰደበም። «ጨቋኝ» የሚል ቃል የለም። ከተበሳጫችሁ ወይም ከሳቃችሁ ያ ስሜት ከየት እንደመጣ ገና አታውቁም። ይኼን አስታውሱ፤ የቀረው ሥራ ሁሉ የዚያን ምንጭ መፈለግ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዝርው ግልባጫችሁ ከግጥሙ ከረዘመ፣ ማብራራት ጀምራችኋል ማለት ነው። ቁረጡ።

## ደረጃ 2፦ እያንዳንዱ ቃል የማን አፍ ላይ እንዳለ ለዩ

ይኼ ደረጃ ሲዘለል ነው ሰው ግጥሙን ገልብጦ የሚረዳው። ከእያንዳንዱ ሐሳብ አጠገብ የተናጋሪውን ስም ጻፉ።

እዚህ ሦስት ድምፅ አለ። አንደኛው የዘጋቢው ነው፤ እንደ ዜና አንባቢ «እገሌ ወረቀት አስበተነ» ይላል። ሁለተኛው የወረቀቱ ነው፤ «ሕዝቡ አመኔታ አጣ፣ እጥፍ ይሥራ» የሚለው። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው ነው፤ «ሌላ ሕዝብ ቢመረጥ አይቀልም ወይ?» የሚለው።

አሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ሦስተኛው ሰው ከሁለተኛው ጋር ይስማማል? ላይ ላዩን አዎ። እንዲያውም ከወረቀቱ በላይ ለመንግሥት የተቆረቆረ ይመስላል። መንግሥት በማይረባ ሕዝብ ለምን ይድከም? ቀላሉን መንገድ ይጠቁመዋል። ይኼ ተቆርቋሪ ጭምብል ነው። ገጣሚው ጭምብሉን አጥልቆ ይናገራል እንጂ ጭምብሉ ገጣሚው አይደለም።

ጭምብል መኖሩን በምን ታውቃላችሁ? የቀረበው ሐሳብ ሊሠራ የማይችል ሆኖ ሳለ እንደ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ሲቀርብ ነው። ሕዝብን መበተን አይቻልም። ተናጋሪው ግን አይጮህም፣ አይደነቅም፤ ስለ ቢሮ ዕቃ ግዢ የሚያወራ ይመስላል። ነገሩ ሲገዝፍና ድምፁ ሲቀዘቅዝ ጠርጥሩ።

## ደረጃ 3፦ ቀኑንና ወረቀቱን ፈልጉ

ስላቅ በአንድ ቀን በተደረገ ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ቀኑ ከጠፋ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ አሁን ግጥሙ የሚጠቅሳቸውን ስሞች አስምሩ። ቀን፣ ቦታ፣ ሹመት፣ ሰነድ፤ አራቱን ብቻ።

ቀኑ፦ ጁን 17 ቀን 1953 (በእኛ ሰኔ 10 ቀን 1945) ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት መጨረሻ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የሠራተኛው የሥራ ኮታ ቢያንስ በ10 በመቶ ከፍ እንዲል ወሰነ። ማለትም ሰው በዚያው ደመወዝ ብዙ ይሥራ። ጁን 16 የግንባታ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። መንግሥት በዚያው ቀን ውሳኔውን ቢያነሳም ነገሩ አልበረደም። በማግስቱ አመፁ አገር አዳረሰ፤ የሶቪየት ታንኮች ገብተው ጸጥ አሰኙት።

ቦታው፦ የስታሊን ጎዳና በምሥራቅ በርሊን በዚያን ጊዜ በመገንባት ላይ የነበረ ትልቅ አውራ ጎዳና ነው። አድማው የተነሳው እዚያ ከሚሠሩት ሠራተኞች ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የተበተነው የትም ሳይሆን አድማው በተነሳበት ቦታ ላይ ነው።

ሹመቱ፦ የደራሲያን ማኅበሩ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ ኩርት ባርቴል ነበር፤ «ኩባ» በሚል የብዕር ስም ይጽፋል። ሰነዱም ከእሱ ጋር ይያያዛል። ጁን 20 በገዥው ፓርቲ ጋዜጣ ላይ ለሠራተኞቹ የተጻፈ ጽሑፍ አወጣ። እንዳፈረባቸው ነገራቸው። የፈረሰ ቤት መጠገን ቀላል ነው፣ የፈረሰ አመኔታን ማቆም ግን እጅግ ከባድ ነው አላቸው። ወደፊት ብዙ ገንብተው ይኼን ነውር እንዲያስረሱም ጠየቃቸው።

አሁን ወደ ዝርው ግልባጫችሁ ተመለሱና «እጥፍ በመሥራት» የሚለውን አንብቡት። ሰዎቹ የወጡት ሥራ ስለበዛባቸው ነው። የታዘዘላቸው መድኃኒት ደግሞ ሥራ ማብዛት ነው። ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ይቺን ቃል ዝም ብሎ ያልፋታል። ቀኑን ያወቀ ሰው ግን የመጀመሪያውን ውጊያ እዚህ ያገኘዋል፤ ገጣሚው ገና ምንም አስተያየት ሳይሰጥ።

ቢበላሽ፦ ታሪኩን ስትፈልጉ ሁለት ሰዓት አልፎ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት እያነበባችሁ ራሳችሁን ካገኛችሁ፣ አቁሙ። የሚያስፈልጋችሁ የተሰመረባቸውን አራት ስሞች የሚያብራራ ብቻ ነው። ከዚያ የተረፈው ለግጥሙ አይጠቅምም።

## ደረጃ 4፦ ዕጩ ዒላማዎችን ደርድሩና ፈትኑ

ግጥሙ ውስጥ ያለውን ሰውና ተቋም ሁሉ ጻፉ። እዚህ ሦስት ናቸው፦ ሕዝቡ፣ ጸሐፊው፣ መንግሥት።

ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ *ይኼ ግጥም በአደባባይ ቢነበብ፣ አንገቱን የሚደፋው ማን ነው?* «ማን ተጠቀሰ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የተጠቀሰ ሁሉ ዒላማ አይደለም። «ማን ተወቀሰ?»ም አይሆንም። በዚህ ግጥም የላይ ቃል የተወቀሰው ሕዝቡ ነውና።

ሕዝቡ፦ የግንባታ ሠራተኛው ግጥሙን ቢሰማ ይስቃል። አያፍርም። ከዕጩነት ይውጣ።

ጸሐፊው፦ ያፍራል። ቃሉ ነው የተመለሰበት። ደራሲ ሆኖ ለሠራተኛው መናገር ሲገባው ለመንግሥት መልእክተኛ ሆኗል። ግን ግጥሙ በሰውየው ላይ አይቆይም። ስሙን እንኳ አልጠራም፤ ሹመቱን ብቻ ጠራ። እሱ የቅርብ ዒላማ ነው፤ ግጥሙ በእሱ በኩል ያልፋል።

መንግሥት፦ ጥያቄው የሚያርፈው እዚህ ነው። ሆኖም «ዒላማው መንግሥት ነው» ብላችሁ አትጻፉ። አሁንም ይሰፋል። መንግሥት ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ግጥሙ የያዘው የትኛውን ነው? ስለ ታንክ አያነሳም። ስለ ደመወዝም አያወራም። የያዘው አንድ አስተሳሰብ ነው፦ *መንግሥት ሕዝቡን የሚመዝን፣ አመኔታ የሚሰጥና የሚነሳ ነው* የሚለውን። በዚህ አስተሳሰብ ሕዝቡ ሥራውን ያበላሸ ቅጥረኛ ይሆናል።

ዒላማን ስትጽፉ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ሰው፣ ከዚያ ተቋም፣ ከዚያ አስተሳሰብ። ሦስተኛው ላይ ካልደረሳችሁ አልጨረሳችሁም። አንዳንድ ግጥም ግን ከሰውየው አያልፍም፤ አንድ ባለሥልጣን ላይ ብቻ ይቆማል። ያኔ አስተሳሰብ ፈልጋችሁ አትለጥፉለት። መርፌ የሆነውን ጦር ማድረግም ስህተት ነው።

## ደረጃ 5፦ ማጠፊያውን አግኙ

ማጠፊያ የምለው ድምፁ የሚቀየርበትን ቦታ ነው። እስከዚያ ድረስ ግጥሙ በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ ከዚያ ይታጠፋል። ዘዴው ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገብ ነው።

በብሬክት ግጥም ማጠፊያው ሰባተኛው ስንኝ መካከል ላይ ነው። ዘገባው የሚያልቅበትና ጥያቄው የሚጀምርበት ስንኝ አንድ ነው። ገጣሚው ክፍት መስመር ሊተው ይችል ነበር፤ አልተወም። ዜናውን እየሰማችሁ ሳታስቡት ጥያቄው ውስጥ ትገባላችሁ። ስድስት ስንኝ ተኩል ያህል ለዘገባ መስጠቱም በከንቱ አይደለም፤ የወረቀቱ ሐሳብ ጤነኛ መስሎ እንዲቆም ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ማጠፊያው ላይ ምን እንደተደረገ በግሥ ግለጹ። «ምጸት ተጠቅሟል» አይበቃም። ምጸት የቤተሰቡ ስም ነው፤ እኛ የልጁን ስም ነው የምንፈልገው። *ምን አደረገ?* ገለበጠ? አጋነነ? አሳነሰ? የባላንጣውን ንግግር ደገመ? ተስማምቶ ገፋበት?

እዚህ ሁለት ነገር ተደርጓል። መጀመሪያ፣ ተስማምቶ ገፋበት። ወረቀቱ «መንግሥት በሕዝቡ አዝኗል» አለ። ተናጋሪው ተቀበለ። «እሺ፣ ከተቀያየሙ ይለያዩ» አለ። ሐሳቡን አልተቃወመም፤ እስከ መጨረሻው አስኬደውና ገደል ጫፍ ላይ አቆመው።

ሁለተኛ፣ ገለበጠ። በሕግ ወግ ሕዝብ መንግሥትን ይመርጣል። በግጥሙ መንግሥት ሕዝብን ይመርጣል። ግሡ ያው ነው፤ አድራጊና ተደራጊ ቦታ ተለዋወጡ። «ን» ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረች፣ አለቀ። መገልበጡን ያመጣው ግን ብሬክት አይደለም። ወረቀቱ ቀድሞ ገልብጦታል፤ አመኔታን ሕዝብ ለመንግሥት ይሰጥ የነበረውን፣ መንግሥት ለሕዝብ የሚሰጠው አድርጎታል። ገጣሚው የተደበቀውን ግልበጣ ወደ ምርጫ አምጥቶ እንዲታይ አደረገው። ለእኔ የግጥሙ ጥበብ ከሁሉ በላይ እዚህ ጋ ነው፤ ውሸት አልጨመረም፣ የተባለውን ብቻ አስረዘመ።

## ደረጃ 6፦ ዘዴውን አፍርሱና አረጋግጡ

ዘዴውን ማግኘታችሁን የምታውቁት ስታጠፉት ነው። ማጠፊያውን አውጡና በቀጥታ ንግግር ተኩት፦ «መንግሥት ሕዝብን የመውቀስ መብት የለውም።» ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ማንም አይስቅም፣ ማንም አያፍርም። የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ጻፉ፤ እሱ ነው ዘዴው። ብትተኩት ምንም ካልጠፋ ግን የተሳሳተ ቦታ ነው የያዛችሁት፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ሁሉም ግጥም እንዲህ ጭምብል አያጠልቅም። እንግሊዛዊው ሼሊ በ1819 ስለ አገሩ በጻፈው ሶኔት ሲከፍት ንጉሡን ያረጀ፣ ያበደ፣ የታወረ፣ የተናቀ፣ ሊሞት የቀረበ ይለዋል። ገዥዎቹን ደግሞ ደም ጠጥተው ሲጠግቡ ራሳቸው የሚረግፉ አልቅቶች ያደርጋቸዋል። እዚያ ተናጋሪው ገጣሚው ራሱ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ዘዴው ቅጽል መደርደርና ማውረድ ነው። እንዲህ ያለ ግጥም ላይ ደረጃ 2 በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ጭምብል ስትፈልጉ አትዋሉ።

## ደረጃ 7፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ቅርጹ ይኼ ነው፦ *ግጥሙ [እገሌን] በኩል አድርጎ [ይኼን አስተሳሰብ] ይወጋል፤ የሚወጋውም [ይኼን በማድረግ] ነው።*

ለእኛ፦ ግጥሙ የደራሲያን ማኅበሩን ጸሐፊ በኩል አድርጎ፣ መንግሥት ሕዝቡን የሚመዝን ዳኛ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ይወጋል፤ የሚወጋውም በወረቀቱ ሐሳብ የተስማማ መስሎ እስከ መጨረሻው በመግፋትና መራጭና ተመራጭን በመገልበጥ ነው።

አሁን የገጣሚውን ሕይወት ማንበብ ትችላላችሁ። ብሬክት የሚኖረው በዚያው በምሥራቅ በርሊን ነበር፤ የቴአትር ቡድንም ነበረው። በአመፁ ቀን ለፓርቲው መሪ ለኡልብሪሽት ደብዳቤ ጽፏል፤ የፓርቲው ጋዜጣ ያወጣው ግን ለፓርቲው ያለውን ታማኝነት የሚገልጸውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ግጥሙ ደግሞ በሕይወት እያለ አልወጣም። በ1956 ሞተ፤ ግጥሙ በ1959 በምዕራብ ጀርመን ጋዜጣ ታተመ። ስለዚህ «ብሬክት ሶሻሊዝምን ተቃወመ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግጥሙም ደብዳቤውም አይደግፋችሁም። ስላቁ ከቤት ውስጥ የተወረወረ ነው።

## ሲጣመም ምን ይደረጋል

«ሁለት ዒላማ አገኘሁ፣ የቱን ልያዝ?» ሁለቱም ያፍራሉ? እንግዲያው የትኛው ከማጠፊያው በፊት፣ የትኛው ከማጠፊያው በኋላ እንደሚመታ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ያለው መግቢያ፣ ከኋላው ያለው መድረሻ ነው።

«ስላቅ ይሁን የምር አልለየሁም።» ተናጋሪው ያቀረበው ነገር ቢፈጸም ምን እንደሚሆን አንድ መስመር ጻፉ። የማይሆን ወይም አሳፋሪ ከሆነ ስላቅ ነው። የሚሆንና ገጣሚው ሌላም ቦታ የሚደግፈው ከሆነ የምር ሊሆን ይችላል።

«ህብረ ቃል አገኘሁ።» ጥሩ፤ ግን ወርቁ ከዒላማው ጋር ይገጥማል? ቃሉ ለሁለት ስለተከፈለ ብቻ ቅኔ አይሆንም። የደረጃ 7ን ዓረፍተ ነገር የማያጠናክር ከሆነ ተዉት።

## መልመጃ

ለዚህ ሥራ ብዬ የጻፍኳት ናት። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ደረጃዎቹን ሞክሩባት።

የውሃው ኮሚቴ ዛሬም ሰብሰብ አለ፣
ስለ ሕዝቡ ጥማት ሲማከር ቀን ዋለ፤
አጀንዳው ሲበዛ አፉ ደረቀና፣
ሃይላንዱን አስከፍቶ ጠጣና ጠጣና፣
ቃለ ጉባኤውን ፈረመና ወጣ፤
ይላል መዝገቡ ላይ፦ «ሕዝቡ ውሃ ጠጣ»።

ድምፁ ሁለት ነው፤ ዘጋቢውና መዝገቡ። ማጠፊያው የመጨረሻው ስንኝ መካከል ላይ፣ መዝገቡ አፍ ሲከፍት ነው። የቅርብ ዒላማው ኮሚቴው ነው። አስተሳሰቡ ደግሞ «እኛ ከረካን ሕዝቡ ረክቷል፣ በወረቀት ከሰፈረ ተደርጓል» የሚለው ነው። ዘዴው አድራጊውን መለወጥ ነው፤ የጠጣው ኮሚቴው፣ ጠጣ የተባለው ሕዝቡ።

«ዒላማው የውሃ እጥረት ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ደረጃ 4ን ይድገም። እጥረት አያፍርም። «ኮሚቴው ስግብግብ ነው» ያለም ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ የመጨረሻውን ስንኝ አላየውም። ለማረጋገጥ ደረጃ 6ን አንድ ቃል ላይ ሞክሩት፦ ሃይላንዱን አውጡና ኮሚቴው ከሰፈሩ ቧንቧ እንደጠጣ አድርጉት። ያኔ መዝገቡ ላይ የሰፈረው እውነት ሊሆን ነው፤ ግጥሟም ተራ የስብሰባ ዜና ሆና ትቀራለች።